«ማን መጣ?» ወይስ «ማን መታ?»

እስኪ ይህን አጭር መልእክት አንብቡት፦ man meta? ቤት ውስጥ እንግዳ እየተጠበቀ ከሆነ «ማን መጣ?» ብላችሁ አነበባችሁት። ኳስ እየታየ ፍጹም ቅጣት ምት ተሰጥቶ ከሆነ ደግሞ «ማን መታ?» ነው። ፊደሉ አልተለወጠም፤ የለየው የእናንተ ግምት ነው። አማርኛን በላቲን ፊደል ስንጽፍ ግማሹን ሥራ የሚሠራልን አንባቢው ነው፤ አብዛኛውን ጊዜም ተሳክቶለት ያልፋል።

እኔ ማርኬቲንግ ክፍል ስለምሠራ ለደንበኞች የሚላኩ የጽሑፍ መልእክቶችን አዘጋጃለሁ። «ለምን በራሳችን ፊደል አትጽፉም?» የሚል ጥያቄ ብዙ ጊዜ ይደርሰኛል። ምክንያቱ የቦታ ጉዳይ ነው። አንድ ኤስኤምኤስ በላቲን ፊደል ሲጻፍ 160 ሆሄ ይይዛል፤ በግእዝ ፊደል ሲጻፍ ግን 70 ብቻ። በእርግጥ የኛ ፊደል ቆጣቢ ነው። «እንኳን አደረሳችሁ» ከነክፍተቱ 11 ሆሄ ሲሆን enkuan aderesachihu ግን 19 ነው። ቢሆንም 160 እና 70ን ስታነጻጽሩ ላቲኑ ትንሽ ይረክሳል። የሚገርመው ደግሞ በላቲን በተጻፈ 150 ሆሄ መልእክት መጨረሻ ላይ አንዲት አራት ነጥብ (።) ብትገባ ጠቅላላው መልእክት ወደ 70ው ወሰን ይወርድና እንደ ሦስት መልእክት ይቆጠራል። በቴሌግራምና በመሰሎቹ ይህ ገደብ የለም፤ እጃችን ግን ኤስኤምኤስ ያስለመደውን ይዞ ቀርቷል።

ችግሩ የሚጀምረው ሁላችንም በየራሳችን መንገድ ስንጽፍ ነው። አማርኛ ሰባት አናባቢ አለው፤ ላቲን ያቀረበልን አምስት ነው። ስለዚህ «ኧ» እና «ኤ» አንዷን e ይጋሯታል። «እ» ደግሞ አንዳንዱ e፣ አንዳንዱ i ያደርጋታል፤ አንዳንዱም ጭራሽ ይዘላታል። sera የሚለውን ብንወስድ «ሰራ» ሊሆን ይችላል፣ «ሴራ» ሊሆን ይችላል፣ sera bota ብሎ ለሚጽፍ ሰው ደግሞ «ስራ» ነው። ተናባቢዎቹም እንዲሁ ናቸው። «ጠ» እና «ተ» በ t ይጻፋሉ፤ «ቀ» እና «ከ» በ k ይጻፋሉ። kebere የሚለው «ቀበረ» ነው ወይስ «ከበረ»? ለአንድ ሰው ሲባል ልዩነቱ ትንሽ አይደለም።

ዓይን ይህን ሁሉ ይቅር ይላል፤ የስልክ ፍለጋ ግን ይቅር አይልም፤ የሚያመሳስለው ፊደል ለፊደል ነው። የእኛ የቤተሰብ ግሩፕ ውስጥ እህቴ ከዓመት በፊት የአንድ ጎበዝ የቧንቧ ሠራተኛ ስልክ ቁጥር አስቀምጣ ነበር። ባለፈው ክረምት የወጥ ቤታችን ቧንቧ ሲፈነዳ ውሃው ወደ ሳሎን እየሄደ ባለቤቴ buanbua ብሎ ፈለገ፤ ምንም አልመጣም። bwanbwa ብሎ ሞከረ፤ የወንድሙ የድሮ መልእክት እንጂ ቁጥሩ አልወጣም። እህቴ የጻፈችው bamba ብላ ነበር፤ እሷም እኮ እንደምትናገረው ነው የጻፈችው። ቁጠሩት፦ «ቧ» bua፣ bwa ወይም ba ይሆናል፤ «ን» ደግሞ n ወይም m። አንድ ቃል ስድስት መልክ አለው ማለት ነው። ስልክ ቁጥሩ አልጠፋም ነበር፤ የት እንዳለ የሚያውቅ ቃል ነው የጠፋው።

ለዚህ መላ የፈለጉ ሰዎች ቀደም ብለው ነበሩ። በ1990ዎቹ ኮምፒውተሮች ፊደላችንን ማሳየት በማይችሉበት ጊዜ SERA የሚባል አጻጻፍ ተዘጋጅቶ በኢሜይል ይሠራበት ነበር። ዘዴው ትልቁንና ትንሹን የላቲን ፊደል መለየት ነው፦ meTa «መጣ»፣ meta «መታ»፤ sera «ሰራ»፣ sEra «ሴራ»፣ sra «ስራ» ይሆናሉ። በወረቀት ላይ ንጹሕ ነው። ስልክ ላይ ግን ሁለት ቦታ ይሰበራል። አንደኛ፣ ስልኩ የዓረፍተ ነገሩን መጀመሪያ ራሱ ትልቅ ያደርገዋል፤ Tesfaye በዚህ ሕግ ከተነበበ «ጠስፋየ» ነው። ሁለተኛ፣ ፍለጋው አብዛኛውን ጊዜ በትልቅና በትንሽ ፊደል መካከል ልዩነት አያደርግም፤ የደከምንበት T ለፍለጋ ከ t ጋር አንድ ነው።

ስለዚህ ትልቅ ፊደል የማይጠይቅ፣ ሁሉም ሊያስታውሰው የሚችል ስምምነት ይሻላል። እኛ ቤት የተስማማነው በአራት ነገር ነው። «ቀ» ሁልጊዜ q፣ «ከ» ሁልጊዜ k ነው፤ qebere እና kebere ያኔውኑ ተለያዩ። «ኧ» e፣ «ኤ» ie፣ የምትሰማ «እ» ደግሞ i ናት፤ sera፣ siera፣ sira ተብለው ሦስቱም ቃላት የየራሳቸውን ቦታ አገኙ። «ቧ»፣ «ኳ»፣ «ሟ» እና የመሳሰሉት በ ua ይጻፋሉ። አራተኛው፣ «ን» በአፍ «ም» ብትመስልም n ሆና ትጻፋለች። ከዚያ ወዲህ ቧንቧ አንድ መልክ ብቻ አለው፤ buanbua።

«ጠ»ን ግን አልፈታናትም። በአፋን ኦሮሞ ቁቤ x የ«ጠ»ን ድምፅ ስለሚይዝ በቁቤ የተማሩ ዘመዶቻችን xiru ቢጽፉልን እናነበዋለን፤ አያቶቻችን ግን ይደናገራሉ። ስለዚህ «ጠ»ም «ተ»ም t ሆነው ቀርተዋል። ቢያንስ ሁሉም t ስለሚጽፍ ፍለጋው አይሳሳትም። ትርጉሙ አደጋ ላይ የሚወድቅ ከሆነ ቃሉን በፊደል እንጽፋለን ወይም እንቀይረዋለን፤ man meta? ከማለት man derese? ማለት ይቀላል። ማጥበቅና ማላላትንም አልነካንም፤ እሱን የራሳችን ፊደልም አያሳይም።

ይህ ሁሉ ስምምነት የማይሠራበት አንድ ቦታ ግን አለ፤ የሰው ስም። በእኛ ሕግ «ኃይሉ» Haylu ሊሆን ይችላል፤ ፓስፖርቱ Hailu ካለ ግን ትክክሉ የፓስፖርቱ ነው። የአውሮፕላን ትኬት የሚቆርጥ ሰው የሚያየው ድምፁን ሳይሆን ሆሄውን ነው። የከተማችን ስም ራሱ «አበባ» ሆኖ ሳለ Ababa ተብሎ ጸንቷል፤ አሁን Abeba እንበለው ብንል ሰነድ ከሰነድ አይገጥምም።

ወላጆች ላይ ነገሩ የሚከብደውም እዚህ ጋ ነው። የልጅ ስም በላቲን ፊደል ለመጀመሪያ ጊዜ ሲጻፍ ብዙ ጊዜ የልደት ምስክር ወረቀት ላይ ነው፤ የአባትና የአያት ስምም አብሮ ይጻፋል። የመጀመሪያው ልጅ Hailu፣ ሁለተኛው Haylu ተብሎ ከተመዘገበ ወንድምና እህት በወረቀት ላይ የተለያየ አባት አላቸው። ዛሬ ማንም ልብ አይለውም፤ ከዓመታት በኋላ አንዱ ለሌላው ዝምድና ማስረዳት ሲኖርበት ግን ያቺን አንዲት y ማስረዳት የእነሱ ዕዳ ይሆናል። ስለዚህ ወደ ምዝገባ ስትሄዱ የአባትየውን ፓስፖርት ወይም የታላቅየውን ምስክር ወረቀት ይዛችሁ ሂዱ፤ መዝጋቢው እንደሰማው እንዲጽፍ ከመተው ሆሄ በሆሄ አስገልብጡ፤ ከመፈረማችሁም በፊት ሁለቱን ወረቀቶች ጎን ለጎን አድርጋችሁ አንብቡ።