ድረ ገጹ ከመለቀቁ በፊት አንድ ስም ተከተሉ

የወጣቶች ኅብረታችሁ ለዓመታዊው ጉባኤ መመዝገቢያ ድረ ገጽ አሠራ እንበል። ጉባኤው ቢሾፍቱ ላይ ሦስት ቀን ይቆያል፤ ያለው አልጋ 120 ነው፤ ማስታወቂያው በመጪው እሁድ ከመድረክ ይነገራል። ገጹን የሠራው ወንድም "አልቋል" ብሏችኋል። በሚዲያ አገልግሎት ውስጥ የእኔ ድርሻ የሚጀምረው ከዚህች ቃል በኋላ ነው፤ ገጽ አልሠራም፣ ሌሎች የሠሩትን እፈትሻለሁ። እናንተም ነገ ይህ ሥራ ይሰጣችሁ ይሆናልና የማደርገውን ልንገራችሁ።

አንዲት ከሆሳዕና የምትመጣ እህትን በሐሳቤ እይዛለሁ። ሊንኩ በቴሌግራም ደርሷታል፣ ስልኳ አሮጌ ነው፣ የዳታ ጥቅሏም ሊያልቅ ነው። ስሟ ከጣቷ ተነሥቶ መዝጋቢዋ እጅ ያለው ዝርዝር ላይ እስኪደርስ ድረስ እግር በእግር እከተላለሁ። ስሟ መንገድ ላይ ቢጠፋ እሷ አታውቅም፤ ተመዝግቤያለሁ ብላ ሻንጣዋን ይዛ ትመጣለች፤ አውቶቡሱ ሲሞላ በር ላይ የምትቀረው እሷ ናት።

መጀመሪያ ሊንኮቹ። ሠሪው በራሱ ኮምፒውተር ሲነካቸው ሁሉም ይሠራሉ፤ ችግሩም ከዚያ ይመጣል። `localhost` ወይም `C:\` ብሎ የሚጀምር አድራሻ እዚያው ኮምፒውተር ላይ እንጂ ሌላ ቦታ አይከፈትም። ሌላው ስውር ነው። ዊንዶውስ በፋይል ስም ውስጥ ትልቁንና ትንሹን የእንግሊዝኛ ፊደል አይለይም፤ አብዛኞቹ ሰርቨሮች የሚሠሩበት ሊኑክስ ግን ይለያል። የመዘምራኑ ፎቶ `Choir.JPG` ተብሎ ተቀምጦ ገጹ ውስጥ `choir.jpg` ተብሎ ከተጻፈ፣ ላፕቶፑ ላይ አምሮ ይታያል፤ ሲለቀቅ ግን ቦታው ባዶ ይሆናል። ስለዚህ ሊንኮቹን የምነካው ገጹ ሰርቨር ላይ ከወጣ በኋላ፣ ከስልክ፣ ያውም ሊንኩን ለራሴ በቴሌግራም ልኬ ነው። የአስተባባሪው ቁጥር ላይ ስነካም መደወያው ተከፈተ ብዬ አላልፍም፤ ደውዬ ማን እንደሚያነሣ እሰማለሁ።

ፍጥነቱን በሒሳብ ብታዩት ይሻላል። በስልክ የተነሣ አንድ ፎቶ 4 ሜጋባይት ሊሆን ይችላል። የእህታችን ኔትወርክ በሰከንድ 400 ኪሎቢት ከሆነ ያ ፎቶ ብቻውን 80 ሰከንድ ይፈጃል። በ80 ሰከንድ ማንም ተስፋ ይቆርጣል፤ ጥቅሏም ተበልቷል። ያው ፎቶ ስፋቱ ወደ 1200 ፒክስል ተቀንሶ 150 ኪሎባይት ቢሆን በ3 ሰከንድ ይደርሳል፤ በስልክ ስክሪን ላይ ልዩነቱን የሚያይ ዓይን የለም። ስትፈትሹ የቤተ ክርስቲያኑን ዋይፋይ አጥፉ፣ ገጹንም ብሮውዘሩ ያለፈውን በማያስታውስበት በግል መስኮት ክፈቱ። አንድ ጊዜ የታየ ፎቶ ስልካችሁ ላይ ስለሚቀመጥ ሁለተኛው ሙከራ ሁልጊዜ ፈጣን ይመስላል፤ ያታልላል።

ብዙ ሰዓት የማጠፋው ግን ፎርሙ ላይ ነው። ለሙከራ "ጸጋነሽ" ብዬ በአማርኛ እጽፋለሁ። አንዳንድ ፎርም የእንግሊዝኛ ፊደል ብቻ እንዲቀበል ተደርጎ ስለሚሠራ ስሙን "የተሳሳተ" ብሎ ይመልሳል። የባሰው ግን ተቀብሎ የሚያጠፋው ነው፤ መረጃው የሚቀመጥበት ቋት የግእዝ ፊደል እንዲይዝ ካልተዘጋጀ "ጸጋነሽ" ዝርዝሩ ላይ "????" ሆና ትገኛለች። ስለዚህ ስክሪኑ ላይ "ተመዝግበዋል" የሚለውን አይቼ አልረካም፤ መዝጋቢዋ ዘንድ ሄጄ ዝርዝሩን በእሷ ኮምፒውተር ላይ አስከፍታለሁ። ቋቱ ውስጥ ደኅና የተቀመጠ ስም ወደ ኤክሴል ሲወርድ ሊበላሽ ይችላልና።

ስልክ ቁጥሩን በሦስት መንገድ እሞክራለሁ፦ በ09፣ በ07 እና በ+251 ጀምሬ። 09ን ብቻ የሚቀበል ፎርም የሳፋሪኮም ደንበኛን ሁሉ በር ላይ ይመልሳል። በቁጥሮቹ መካከል ክፍተት ትቼም እሞክራለሁ፤ ሰው እንደዚያ ይጽፋልና።

የልደት ዓመት ሌላ ወጥመድ ነው። እህታችን 1998 ብላ ትጽፋለች፣ በእኛ አቆጣጠር። ፎርሙ በፈረንጅ ካሰበው የ20 ዓመት ወጣት በአንዴ 27 ወይም 28 ትሆናለች፤ የዕድሜ ጣሪያው 25 ከሆነም ይመልሳታል። እኔ ብጠየቅ "ዕድሜሽ ስንት ነው" ማለት ይበቃል እላለሁ፤ ለአልጋ ድልድል የልደት ቀን ምን ያደርጋል? "የአያት ስም"ንም ግዴታ ማድረግ የሚያስፈልግ አይመስለኝም።

ከዚያ ኔትወርኩን አዘገያለሁ፤ በክሮም የሠሪዎች መሣሪያ ውስጥ `Network` በሚለው ክፍል ቀርፋፋ ኔትወርክ መምረጥ ይቻላል። "መዝግብ" የሚለውን ነክቼ ምንም ምላሽ ሳይመጣ እንደገና እነካለሁ፣ ትዕግሥት ያጣ ሰው እንደሚያደርገው። ዝርዝሩ ላይ ሁለት ጸጋነሾች ከተገኙ አንድ አልጋ በከንቱ ተይዟል ማለት ነው። አዝራሩ አንዴ ሲነካ መዘጋትና "እየላክን ነው" ማለት አለበት። መረጋገጫው በኢሜይል የሚላክ ከሆነ ደግሞ አይፈለጌ የሚጠራቀምበት ሳጥን ውስጥ እፈልገዋለሁ። ላኪው ሆኖ የሚታየው የድረ ገጹ የራሱ አድራሻ ካልሆነና ገጹ በተመዝጋቢዋ አድራሻ ስም የሚልክ ከሆነ፣ ብዙ ጊዜ የሚያርፈው እዚያ ነው።

ለሌሎች ስልኮች የወጣቶች ክፍል ራሱ ይበቃል። ከኅብረት በኋላ አምስት ልጆች አስቀርቼ በየራሳቸው ስልክ እንዲመዘገቡ እጠይቃለሁ፤ አንዱ አይፎን፣ አንዱ በጣም አሮጌ፣ አንዱ ኦፔራ ሚኒ ያለው ይሁን። ኦፔራ ሚኒ ዳታ ለመቆጠብ ገጹን ሩቅ ባለ ሰርቨር አዘጋጅቶ ስለሚያመጣ፣ በጃቫስክሪፕት ብቻ የሚንቀሳቀስ ፎርም እዚያ ዝም ሊል ይችላል። አይፎን ላይ የመጻፊያው ፊደል ከ16 ፒክስል ካነሰ ገጹ በራሱ ይጎላና የፎርሙ ግማሽ ከስክሪን ይወጣል። ትንሽ ስልክ ላይ ኪቦርዱ ሲወጣ አዝራሩን ይሸፍነዋል፤ ልጁም ኪቦርዱን ማውረድ አይመጣለትም። እኔ ከኋላቸው ቆሜ ዝም እላለሁ። "እዚህ ጋ ንካ" ካልኩ ፈተናው አበቃ፤ ሆሳዕና ላሉት ከኋላቸው ቆሞ የሚነግራቸው የለም። ጣታቸው የት እንደሚቆም፣ የቱ ጥያቄ ላይ "ይሄ ምንድነው?" እንደሚሉ ብቻ በወረቀት እይዛለሁ። ከአምስቱ ሁለቱ አንድ ቦታ ላይ ከቆሙ ያ ቦታ ይስተካከላል።

ሁሉም ተስተካክሎ ሲያልቅ ሌላ ስም አስገብቼ መንገዱን ከመጀመሪያው እንደገና እሄዳለሁ፤ አንዱን ሲጠግኑ ሌላውን መስበር የተለመደ ነውና። ገጹ ቢያንስ ከሐሙስ ጀምሮ ለመዘምራኑ ብቻ ቢከፈት ጥሩ ነው። እሁድ ከመድረክ ሲነገር ሁለት መቶ ሰው በአንድ ደቂቃ ውስጥ ስልኩን ያወጣል፤ በዚያ ሰዓት ለማስተካከል ጊዜ የለም።

ቅዳሜ ማታ የሙከራ ስሞቹን ሰርዙ። ጸጋነሽንም፣ ድጋሚ ጸጋነሽንም፣ አምስቱ ልጆች ለፈተናው ያስገቧቸውንም። ከዚያ ገጹን ከፍታችሁ የቀረው አልጋ መዘምራኑ ከያዙት ሌላ ሙሉ መሆኑን እዩ። 9 የሙከራ ስሞች ተረስተው ከቀሩ ገጹ ከ111ኛው ሰው በኋላ "ሞልቷል" ብሎ ይዘጋል።