ከደመወዙ በፊት የሚጠየቁ ጥያቄዎች

የልጅ ልጄ ዘንድሮ በዕፅዋት ሳይንስ ተመረቀች። በአርሲ የስንዴ ቀበሌዎች 27 ዓመት የግብርና ልማት ሠራተኛ ሆኜ ስለኖርኩ፣ ቤተሰቡ «እርስዎ ይምከሯት» አለኝ።

አራቱን የሥራ መንገዶች ያስረዳኋት በቢጫ ዋግ ነው። ይህ በሽታ የስንዴውን ቅጠል በመስመር በመስመር ይይዛል፤ ቅጠሉን ሲያሹት ጣት ላይ ቢጫ ዱቄት ይቀራል። የልማት ሠራተኛው ምልክቱን ቀድሞ አይቶ ለገበሬው ይነግራል፤ ማሳው ሁሉ ከተያዘ በኋላ ርጭቱ ብዙም አያድንም። የግብዓት ድርጅት ባለሙያ መድኃኒቱን ያቀርባል። እንደ ቁሉምሳ ባሉ ማዕከላት ያለው ተመራማሪ በሽታውን የሚቋቋም ዝርያ ይፈልጋል፤ ከማዳቀል እስከ መለቀቅ አሥር ዓመት ገደማ ይፈጃል። መምህሩ የነገውን የልማት ሠራተኛ ዓይን ያሠለጥናል።

እሷ በእጇ ሁለት ዕድል ነበራት፤ አንዱ በባቱ ከተማ የአትክልት ዘርና የመድኃኒት ሽያጭ፣ ሌላው በአቅራቢያችን ጀማሪ ተመራማሪነት። የታናሽ ወንድሟ የትምህርት ቤት ክፍያ ስላሳሰበው አባቷ «ድርጅቱ 18 ሺህ ብር ይከፍላል» ብሎ ቸኮለ። ውሉን አብረን አነበብነው። ቋሚው 10 ሺህ፣ ኮሚሽኑ እስከ 8 ሺህ ነው። ገበሬው በብዛት የሚገዛው በዓመት አምስት ወር ያህል ነው ብንል፣ የዓመቱ ገቢ 160 ሺህ፣ በወር ሲካፈል 13 ሺህ 300 ገደማ ይሆናል። የቤት ኪራይ 4 ሺህ ሲቀነስ 9 ሺህ 300 ይቀራል። የማዕከሉ ደመወዝ 11 ሺህ ሲሆን፣ እቤት ሆና ትሠራለች።

ሌላም ነገር አለ። ኮሚሽኑ በተሸጠው ሊትር የሚሰላ ከሆነ፣ «ዘንድሮ መርጨት አያስፈልግም» ማለት ከራስ ኪስ ይቆረጣል። ይህን የሚቋቋም ሰው አለ፤ ግን ሲገቡ ማወቅ ይሻላል።

ምርምርም ችግር አለበት። ሁለተኛ ዲግሪ የሌለው ጀማሪ ለዓመታት የሌላውን ሙከራ ሲለካና ሲመዘግብ ሊቆይ ይችላል። ስለዚህ «በስንት ዓመት ለትምህርት ትልካላችሁ? ስመለስ ስንት ዓመት የማገልገል ግዴታ አለብኝ?» ብላ ጠየቀች። ማዕከሉ ሁለቱንም በግልጽ መለሰላትና መረጠችው።

ልጃችሁ የልማት ሠራተኛ ልሁን ካለች፣ በቀበሌው ስንት አባወራ እንደሚደርሳት፣ መኖሪያ እንዳለ፣ ከግብርናው ውጭ የማዳበሪያ ዕዳ መሰብሰብ የመሰለ ሥራ እንደሚጫንባት ትጠይቅ። ማስተማር ከፈለገች የኮሌጁን የሠርቶ ማሳያ ማሳ ሄዳ ትይ፤ ማሳው ጦም ካደረ፣ ከወረቀት ብቻ ልታስተምር ነው።