የእናቴ ሪሞት

ላለፉት ሁለት ወራት እናቴ በደወለች ቁጥር ከሰላምታ ቀጥላ የምታነሳው የዲሹን ሪሞት ነው። «አንዳንዴ ይሠራል፣ አንዳንዴ እምቢ ይላል» ትለኛለች። እኔም ብዙ ሳላስብ «ድንጋዩን ቀይሪው እማዬ» እላታለሁ። ትቀይራለች። ሁለት ሦስት ቀን ደህና ይሆንና እንደገና ያው ነው። እንዲህ እያልኩ ሦስት ጊዜ ድንጋይ አስገዛኋት።

ባለፈው እሑድ ቤቷ ሄጄ ቁጭ ብዬ ስትጠቀም አየኋት። ሪሞቱን በግራ እጇ ይዛ፣ የቀኝ አውራ ጣቷን በሌሎቹ ጣቶቿ ደግፋ፣ ከንፈሯን ነክሳ ትጫናለች። ቻናሉ አይቀየርም። መዳፏ ላይ ጠፍ ጠፍ ታደርገውና እንደገና ትጫናለች። ከዚያ ዞር ብላ ምን አለችኝ መሰላችሁ? «የሪሞቱ ጥፋት አይደለም ልጄ፣ እጄ ነው የደከመው።»

ሃያ ዓመት ኤሌክትሪክ ያስተማርኩ ሰው ነኝ። ተማሪዎቼ የነበራችሁ ታስታውሱ ይሆናል፣ «አንዳንዴ ይሠራል» የሚል ዕቃ ሲመጣላችሁ ምንም ከመቀየራችሁ በፊት «መቼ ይሠራል፣ መቼ እምቢ ይላል?» ብላችሁ ጠይቁ እያልኩ አሰለቻችሁ ነበር። ለገዛ እናቴ ግን አንድም ቀን አልጠየቅኳትም። አፈርኩ። ሻዩን ትቼ ጠየቅኳት።

መልሷ ብዙ ነገር ገለጠ። ቁጥሮቹ ሁሉ ሪሞቱ ጠፍ ጠፍ ሲደረግ ወይም ድንጋዩ በጣት ገፋ ገፋ ሲደረግ ይሠራሉ። «ኦኬ» እና ድምፅ መጨመሪያው ግን ቢመታም ባይመታም፣ አጥብቀው ካልተጫኑት አይሠሩም። ልብ በሉ፣ እነዚህ ሁለት የተለያዩ በሽታዎች ናቸው። ሁሉም ቁልፎች አብረው የሚደክሙ ከሆነ ችግሩ ሁሉም በጋራ የሚጠቀሙበት ነገር ላይ ነው፤ እሱም ኃይሉ ነው። የተወሰኑ ቁልፎች ብቻ ከሆኑ ደግሞ ችግሩ ከነዚያ ቁልፎች ሥር ነው። ድንጋይ ስንቀይር የነበረው ሁለቱን በሽታ በአንድ መድኃኒት ለማዳን ነው።

መጀመሪያ የስልኬን ካሜራ ከፈትኩ። ከሪሞቱ ጫፍ ያለችው ትንሽ አምፖል የምታወጣው ብርሃን ለዓይናችን አይታይም፤ የብዙ ስልኮች ካሜራ ግን ነጣ ያለ ወይን ጠጅ አድርጎ ያሳየዋል። የኋላው ካሜራ ካላሳየ የፊቱን ሞክሩ፤ አንዳንዱ ካሜራ ይህን ብርሃን ስለሚከለክል መጀመሪያ በደህና ሪሞት ፈትሹት። አምፖሏ ደማቅ ሆና ብልጭ ብልጭ ካለችና ዲሹ ካልሰማ፣ ጥፋቱ አብዛኛውን ጊዜ የሪሲቨሩ ነው። የእናቴ ሪሞት ግን ቁጥሮቹን ስጫን ደብዘዝ ብላ ትበራለች፣ አንዳንዴም ጨርሶ ትጠፋለች። «ኦኬ»ን ስጫን ምንም የለም።

ከዚያ የተጠቀለለበትን ላስቲክ ፈትቼ የጀርባውን ክዳን ከፈትኩ። ድንጋዮቹ አዲስ ናቸው። አውጥቼ በቴስተር ስለካቸው ሁለቱ ተደምረው ከ3 ቮልት በላይ ይሰጣሉ። ችግሩ ያለው የድንጋዩን ቂጥ የሚነካው ሞላ ላይ ነበር። ነጭና አረንጓዴ ዱቄት የመሰለ ነገር ከሥሩ ጀምሮ ለብሶታል።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚሳሳተው፣ «ድንጋዩ ደህና ነው፣ ስለካው ሞልቷል» ይላል። ቧንቧን አስቡት። መስመሩ በዝገት ግማሹ ቢደፈን፣ ቧንቧው ተዘግቶ ሳለ ግፊቱ ሙሉ ነው፤ ስትከፍቱት ግን ጠብ ጠብ ይላል። ሞላውም እንደዚያው ነው። ማንም ቁልፍ ሳይነካ 3 ቮልት ያሳያል። ቁልፍ ስትጫኑ አምፖሏ በምትበራበት ቅጽበት፣ ለምሳሌ 100 ሚሊአምፒር ብትስብና ዝገቱ 10 ኦም ቢኖረው፣ 1 ቮልቱ እዚያው ዝገቱ ላይ ይቀራል። ለቦርዱ የሚደርሰው 2 ብቻ ነው። ትንሿ ቺፕ ደግሞ እዚያ አካባቢ ስትደርስ መወላገድ ትጀምራለች። ስለዚህ መለካት ያለበት ቁልፉ ተጭኖ ሳለ፣ ከሞላው አልፎ ቦርዱ ላይ ነው።

ጠፍ ጠፍ ማድረጉ ለምን እንደሚሠራም ከዚህ ይገባችኋል። ሲመታ ድንጋዩ ትንሽ ይንሸራተትና ሞላውን ፍቆ ንጹሕ ነጥብ ያገኛል። አዲስ ድንጋይ ስናስገባም የረዳን አዲስነቱ ብቻ አልነበረም፤ ስናወጣና ስናስገባ መፋቁም ነበር። ለዚህ ነው በሦስተኛው ቀን የሚመለስበት።

ዝገቱ ከየት መጣ? እናቴን ስጠይቃት «ለቁጠባ ብዬ አንዳንዴ ከሁለቱ አንዱን ብቻ እቀይር ነበር» አለችኝ። ይኸው ምክንያቱ። አዲስና አሮጌ ድንጋይ ተደርድረው ሲሠሩ አሮጌው ቀድሞ ያልቃል፤ አዲሱ ግን በላዩ ላይ ኤሌክትሪክ መግፋቱን አያቆምም። በርካሹ ድንጋይ ውስጥ የውጪው ቆርቆሮ ራሱ ዚንክ ስለሆነ፣ እየሠራ ይበላል፤ መጨረሻ ላይ ይበሳና ውስጡ ያለው ይፈስሳል። ሁለቱንም አንድ ላይ ቀይሩ። ለረጅም ጊዜ የማትጠቀሙበትን ሪሞትም ድንጋዩን አውጥታችሁ አስቀምጡት።

ስለ ማጽዳቱ አንድ ነገር ልብ በሉ። «አቼቶ ወይም ሎሚ ቀባው» የሚለውን ምክር ሁላችንም ሰምተናል። እሱ ትክክል የሚሆነው ለአልካላይን ድንጋይ ነው፤ የእሱ ፍሳሽ አሲድን የሚያረክስ ስለሆነ አቼቶ ያረግበዋል። የርካሹ ድንጋይ ፍሳሽ ግን ራሱ ወደ አሲድ ያደላል፤ ለሱ የሚሆነው በትንሽ ውኃ የተለወሰ ቤኪንግ ሶዳ ነው። የትኛው እንደሆነ ድንጋዩ ላይ ተጽፏል። በትንሹ ድንጋይ `LR03` ካለ አልካላይን ነው፤ `R03` ብቻ ካለ ወይም `HEAVY DUTY` ካለ ርካሹ ነው። የእናቴ መሳቢያ ውስጥ ያገኘኋቸው አሮጌዎቹ ሁሉ `R03` ነበሩ።

ስለዚህ ዱቄቱን በደረቅ አሮጌ የጥርስ ብሩሽ አራገፍኩ፤ ሪሞቱን ወደ ታች ደፍቼ፣ ወደ ቦርዱ እንዳይገባ። በእንጨት ጫፍ በጠቀለልኩት ጥጥ ሶዳውን ቀባሁ፣ በእርጥብ ጥጥ ጠረግኩ፣ በአልኮል አደረቅኩ። ከዚያ ድንጋዩን የሚነካውን የሞላውን ጫፍ ብቻ በጥፍር ሞረድ ብረቱ እስኪያበራ ፈቀቅኩት። የላይኛው ልባሱ ስለተበላ ተመልሶ እንዳይዝግ በስሱ ቫዝሊን አስነካሁት። በስሱ ነው ያልኩት፤ ድንጋዩ ሲጫነው ከመነካኪያው ነጥብ ገለል ይላል፣ ዙሪያውን ግን ከእርጥበት ይጠብቀዋል። ሞላው በዝገት ተበልቶ ከተሰበረ ወይም ብየዳው ላይ ከተነቃነቀ ግን ማጽዳት አይበቃም፣ እንደገና መበየድ ይፈልጋል።

ድንጋዩን መለስኩ። ቁጥሮቹ ሁሉ በካሜራው ደምቀው በሩ። «ኦኬ» እና ድምፅ መጨመሪያው አሁንም ዝም። እንደጠበቅኩት።

ብሎኗን በካቻቢቴ ፈትቼ ሁለቱን ገጽ ከፈልኩ። ውስጡ ለማታውቁት፣ ቁልፎቹ ሁሉ አንድ ወጥ ጎማ ናቸው። ከእያንዳንዱ ቁልፍ ሥር ጥቁር ክብ አለች፤ ካርቦን የተቀላቀለባት ስለሆነች ኤሌክትሪክ ታስተላልፋለች። ስትጫኑ ቦርዱ ላይ ያሉትን እንደ ማበጠሪያ ጥርስ የተጠላለፉ ሁለት መስመሮች ታገናኛለች። በቃ፣ ማብሪያ ማጥፊያው ይኸው ነው።

ጥፋቱ የጎማው ነው ወይስ የቦርዱ? ጎማውን አንስቼ፣ ድንጋዮቹን በቦታቸው ይዤ፣ የ«ኦኬ»ን ሁለት መስመሮች በመርፌ ጎን ቀስ ብዬ አገናኘኋቸው። አምፖሏ በራች። ቦርዱና ቺፗ ደህና ናቸው፣ የደከመው ጎማው ነው ማለት ነው። በመርፌም ካልበራ ግን መስመሩ ተቆርጦ ሊሆን ስለሚችል ወደ ጠጋኝ ውሰዱት።

ጎማው ላይ የሚያጣብቅ ቅባት ነበር። የምግብ እጅ ብቻ አይደለም የሚያመጣው፤ ጎማው ራሱ በጊዜ ብዛት ዘይት ያወጣል። ድምፅ መጨመሪያዋን በአልኮል በረጠበ ጥጥ ሁለት ሦስት ጊዜ አስነክቼ ቅባቱን አነሳሁ፤ ቦርዱንም እንዲሁ። በቴስተር ስለካት ከ20 ሺህ ኦም በላይ የነበረችው ወደ 200 ወረደች። ዳነች።

እዚህ ላይ የራሴን ጥፋት ልናገር። ከዓመታት በፊት የራሴን ሪሞት ጥቁሮቹን ክቦች በብርጭቆ ወረቀት ፈቅፌ «አጸዳኋቸው»። ካርቦኑን ይዤው ሄድኩ፣ ሪሞቱም እዚያው ሞተ። ብረት ይፋቃል፤ ካርቦን ግን ይጠረጋል እንጂ አይፋቅም። ቤንዚንም ጎማውን ያሳብጠዋል።

የ«ኦኬ»ዋ ግን በጽዳትም አልተመለሰችም። በጣም ስለተሠራባት ካርቦኑ አልቋል። ከምግብ መጠቅለያ ፎይል የክቧን ያህል ቆርጬ፣ ለመስኮት በሚሆነው ሲልኮን ስስ አድርጌ ለጠፍኳት። ሱፐር ግሉ በዚህ ጎማ ላይ አይዝም፣ አትልፉ። ሲልኮኑ ሲደርቅ የአቼቶ ሽታ ያለው ነገር ስለሚያወጣና ያም መዳብ ስለሚበላ፣ ሪሞቱን ሳልገጥም ጎማውን ለብቻው አሳደርኩት። ይህ ጊዜያዊ መላ መሆኑንም ልንገራችሁ፤ ፎይሉ ወራት ቆይቶ ይቀደዳል ወይም ይላቀቃል። እስከዚያ ተመሳሳይ ሪሞት እፈልግላታለሁ።

ሰኞ ጠዋት ገጥሜ ሰጠኋት። እንደለመደችው አውራ ጣቷን በሌሎቹ ደግፋ፣ ከንፈሯን ነክሳ ልትጫን ስትል «ቀስ አርገሽ» አልኳት። ነካ አደረገችው። ቻናሉ ተቀየረ። ደግማ ነካችው። አሁንም ተቀየረ።

አውራ ጣቷን ዘርግታ ትንሽ አየችው። «ታዲያ ሁለት ወር ሙሉ ይህን ምስኪን ስወቅሰው!» አለችና ሳቀች። ከዚያ ወደ እኔ ዞራ፣ «አንተስ፣ እነዚያን ሁሉ ድንጋዮች ለምን አስገዛኸኝ?»

መልስ አልነበረኝም። እናንተ ግን ዛሬ ማታ የወላጆቻችሁን ሪሞት ጀርባ ክፈቱና ሞላውን እዩት።