የዘገየው ትራንስክሪፕት

ለውጭው ዩኒቨርሲቲ ካስገባነው ማመልከቻ የጎደለው አንድ ነገር ነበር፤ ከሬጅስትራር በቀጥታ፣ በታሸገ ፖስታ የሚላከው ኦፊሻል ትራንስክሪፕት። ቀነ ገደቡ ዲሴምበር 1 ቀን 2025 ነው። የኛው መስኮት ግን «ነገ ተመለሱ» ከማለት ሌላ ቋንቋ የለውም። ዓመቱ ሊያመልጠን ነው እኮ!

አሥር ቀን ሲቀረው ለቅበላ ክፍሉ ኢሜይል ጻፍን። ርዕሱ ላይ የማመልከቻ ቁጥሩንና በፓስፖርት እንዳለው ሙሉ ስም አሰፈርን፤ ጸሐፊው ፋይሉን የሚያገኘው በዚህ ነውና። ትራንስክሪፕቱን የጠየቅንበትን ደረሰኝም አያያዝን።

እዚህ ላይ ነው ጉዱ። ደረሰኙ «ጥቅምት 25 ቀን 2018» ይላል። በነሱ አቆጣጠር ሲነበብ የሰባት ዓመት አሮጌ ወረቀት ይመስላል። ማስረጃው ራሱ ሊመሰክርብን! ደረሰኙን ሳንነካ፣ ቀኑ በነሱ ኖቬምበር 4 ቀን 2025 መሆኑን በደብዳቤው ውስጥ በአንድ ዓረፍተ ነገር አስረዳን።

«ጥቂት ጊዜ ስጡን» አላልንም። እስከ ዲሴምበር 19 እንዲታገሱን፣ እስከዚያው በስቱደንት ኮፒው እንዲገመግሙን ጠየቅን። ቁርጥ ያለ ቀን ሲቀርብለት ሰውዬው እሺ ወይም እምቢ ማለት ይችላል። መልሱ በጽሑፍ እስኪመጣ ግን ቀነ ገደቡ ያው ነበርና፣ በማግሥቱም ከመስኮቱ አልጠፋንም።