ለእንቁጣጣሽ ስጦታ ለድርጅቶች የምንጽፈው ደብዳቤ

ብዙ ድርጅት ሰኔ 30 ሂሳቡን ዘግቶ ሐምሌ 1 አዲስ በጀት ይከፍታል። የስጦታ ካታሎግ ያለው ደብዳቤ ግዢ ክፍል መግባት ያለበት ያኔ ነው። ነሐሴ መጨረሻ ላይ ቢገባ በትህትና ተቀብለው ፋይል ውስጥ ያስቀምጡታል።

ቆንጆ ፎቶ ማንም አያጣም፤ ሥራው ያለው ከፎቶው ሥር የሚጻፈው ላይ ነው። ግዢ ክፍል የሦስት ሻጭ ፕሮፎርማ ጎን ለጎን አድርጎ ዋጋ ያወዳድራል። «ቡናና ማር፣ 1,800 ብር» ብለን ካለፍን የእኛ ግማሽ ኪሎ ከሌላው ሩብ ኪሎ ጋር ይወዳደርና ውድ ሻጭ እንባላለን። ስለዚህ ክብደቱን፣ የሳጥኑን ዓይነትና ተ.እ.ታ. መካተት አለመካተቱን እንጽፋለን። 200 ጥቅል በ1,800 ብር 360,000 ነው፤ 15 በመቶ ተ.እ.ታ. ሲጨመር 414,000 ይሆናል። ግማሹ 207,000 ብር ቅድሚያ ይከፈላል፤ ሳጥንና ማር የሚገዛው በእሱ ነው።

በብዛት ለሚያዝ የምናደርገውን ቅናሽ ምክንያቱን ጭምር እንናገራለን። አርማ ለማተም የማዘጋጃው ወጪ 12,000 ብር ነው እንበል። 40 ሳጥን ላይ ሲካፈል በአንዱ 300 ብር፣ 200 ላይ ግን 60 ብር ብቻ ይመጣል። ይህን ያየ ሰው ለ40 ሳጥን የ200ውን ዋጋ አይጠይቅም። (አንዳንዱ ግን ይጠይቃል።)

የሚያጨቃጭቀው ቁጥር ነው። አንድ ድርጅት 200 አዝዞ ጳጉሜን 2 ቀን «60 ሠራተኛ ረስተናል» ብሎ ደወለ። ቡናው ይቆላል፤ የታተመ ሳጥን ግን በሁለት ቀን አይደርስም። አሁን ደብዳቤው ላይ «ከነሐሴ 15 በኋላ የሚጨመር ያለ አርማ ነው» የሚል መስመር አለ። ቡናውን ራሱን ቀድመን አንቆላም፤ የተቆላ ቡና ሲሰነብት መዓዛው ስለሚሄድ የምንቆላው ማስረከቢያው ሲቃረብ ነው።

ማሩ ደግሞ ይረጋል። ተቀባዩ ነጭ ሆኖ ጠጥሮ ሲያየው «ስኳር ነው» ይላል፤ ስሙ የሚነሳው ደግሞ የሰጪው ድርጅት ነው። ንጹህ ማርም ስለሚረጋ፣ ለብ ያለ ውሃ ውስጥ ቢቀመጥ እንደሚለሰልስ የሚነግር ካርድ ከጥቅሉ ጋር እናስገባለን።

ለደንበኛ የሚሄደውንና ለሠራተኛ የሚሰጠውን ለይተን ነው የምናቀርበው። የደንበኛው በየቢሮው ስለሚታደል የማድረሻው ዋጋ ለብቻው ይጻፋል። ሠራተኛው ግን ሳጥኑን ይዞ ታክሲ ተጋፍቶ ነው ቤቱ የሚገባው፤ የእሱ ሳጥን እጀታ ያስፈልገዋል። እኔ ብጠየቅ ለሠራተኛ አርማ ያለበት ኩባያ ከመስጠት 5 ሊትር ዘይት እመርጣለሁ፤ ካታሎጉ ላይም ዘይቱን ከኩባያው በፊት አስቀምጠነዋል።

ናሙና ሁለት ይዘጋጃል። ሁለቱም ወገን ይፈርሙባቸውና አንዱ እነሱ ዘንድ፣ ሌላው እኛ ዘንድ ይቀመጣል። ርክክብ ላይ «ያየነው ይህ አይደለም» ከተባለ ናሙናው ተከፍቶ ሚዛን ላይ ይወጣል።