«ታምሜ ነበር» ብቻውን አይበቃም

ዋሽንግተን ዲሲ የምትኖረው አክስቴ በድሮ የክሬዲት ካርድ ዕዳ ተከሰሰች። ከሳሹ ዕዳውን ከባንኩ የገዛ ድርጅት ነው። በቀጠሮው ቀን ሆስፒታል ተኝታ ስለነበር፣ በሌለችበት ተፈረደባት።

«ታምሜ ነበር ልበላቸዋ፣ በቃ!» አለችኝ።

አይበቃም። ፍርዱ እንዲነሳላት የምታመለክተው ለፈረደባት ፍርድ ቤት ሲሆን፣ ዳኛው በዋናነት ሁለት ነገር ያያል። መጀመሪያ፣ ለምን ቀረሽ? ለዚህ የገባችበትና የወጣችበት ቀን ያለበትን የሆስፒታል ወረቀት አያያዝን። ቀጥሎ፣ ብትቀርቢ ኖሮ ምን ትዪ ነበር? መልሳ የምትሸነፍ ከሆነ ጉዳዩን እንደገና መክፈት ለማንም አይጠቅምማ።

«ዕዳው በዝቶብኛል» መከላከያ አይደለም። ቁም ሳጥኗን ስንበረብር ግን የባንክ መግለጫ አገኘን፤ የመጨረሻ ክፍያዋ ከክሱ 7 ዓመት ቀድሞ ነበር። በዲሲ እንዲህ ያለ የውል ክስ በመደበኛው በ3 ዓመት ውስጥ ካልቀረበ በይርጋ ይታገዳል። እዚህ ደረጃ ላይ ማሸነፍ አይጠበቅባትም፤ ያለችው እውነት ሆኖ ከተገኘ ክሱን የሚጥል መሆኑን ማሳየት ነው።

መዘግየትም ያስጠረጥራል። አዲስ አበባ ቢሆን የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕጉ አንቀጽ 78 ፍርዱን ካወቁ በኋላ 1 ወር ይሰጣል። እኛ ከሆስፒታል በወጣች በሳምንቱ አስገባን።

ፍርዱ ተነሳ። አክስቴ እልል ልትል ስትል ያዝኳት፤ ነፃ መውጣቷ ሳይሆን ክርክሩ ገና መጀመሩ ነበር። አዲሱን ቀጠሮ ማቀዝቀዣው ላይ ለጠፍነው።