ለብድር ባለሙያው ልጄ

  

ደብረ ብርሃን ደርሰህ በብድር ባለሙያነት ሥራ መጀመርህን ስሰማ እጅግ ደስ ብሎኛል። ዕድሜዬን ያሳለፍኩት በዚህ ሥራ ስለሆነ፣ በመጀመሪያዎቹ ወራት ደጋግሞ የሚገጥምህን አንድ ጉዳይ ብቻ አንስቼ ልጻፍልህ። ጉዳዩ ትንሽ ሱቅ ያለው ሰው ለሥራ ማስኬጃ ብድር ሲያመለክት ምን እንደምታይ ነው። ቅጹንና መመሪያውን አለቃህ ያስጠናሃል፤ እኔ የምጽፍልህ ሱቁ ውስጥ ገብተህ ስለምትሠራው ነው።

አብዛኛው አዲስ ባለሙያ ዓይኑ ቀድሞ የሚሄደው ወደ መያዣው ነው። ቤት አለው? ደመወዝተኛ ዋስ ያቀርባል? መያዣ መጠየቅ አለበት። በ2011 ዓ.ም. ከወጣው የተንቀሳቃሽ ንብረት ዋስትና መብት አዋጅ ቁጥር 1147 ወዲህ ደግሞ ማቀዝቀዣውንና የሱቁን ዕቃ ጭምር በዋስትና ማስመዝገብ ይቻላል። ነገር ግን መያዣ ብድሩ ከተበላሸ በኋላ ኪሳራ ይቀንሳል እንጂ ብድር አይከፍልም። በየወሩ ብድሩን የሚከፍለው ከመሳቢያው የሚተርፈው ገንዘብ ነው። ስለዚህ መጀመሪያ ያን ገንዘብ ፈልገው።

ችግሩ ባለሱቁ መዝገብ አለመያዙ ነው። ሽያጩን በቃሉ ይነግርሃል፤ ሲነግርህም የሚያስታውሰው ጥሩውን ቀን ነው። ለዚህ ብለህ ሰውን በውሸታምነት አትጠርጥር፤ ሁላችንም የደመቀ ቀናችንን እንጂ የቀዘቀዘውን አናስታውስም። «በቀን ስንት ይሸጣሉ?» ብለህ አትጠይቅ። «ትናንት ስንት ሸጡ? ቅዳሜስ? በጣም የቀዘቀዘው ቀን የቱ ነው?» ብለህ ቀን በቀን አስቆጥራቸው። ከዚያ በሌላ መንገድ ያንኑ ሽያጭ ፈትሸው።

አንድ ምሳሌ ልሥራልህ፤ ቁጥሮቹን ለማስረዳት ብዬ ያዘጋጀኋቸው ናቸው። አንዲት ባለሱቅ ዘይት፣ ስኳር፣ ፓስታ፣ ሳሙና፣ ብስኩትና የመሳሰለውን ትሸጣለች። የጠየቀችው 150,000 ብር ነው። ቀን በቀን ስታስቆጥራት፣ በሁለቱ የደመቁ ቀናት 8,000፣ በአራቱ መካከለኛ ቀናት 5,000፣ በቀዘቀዘው ቀን 3,000 ብር እንደምትሸጥ ትነግርሃለች። ይህ በሳምንት 39,000 ብር ይሆናል።

አሁን ወደ ግዢው ዙር። ባለሱቅ የሸጠውን ባያስታውስ የገዛውን ያውቀዋል፤ ከኪሱ አውጥቶ የከፈለው ነውና። የጅምላ ሻጩ ደረሰኝ፣ የቴሌብር መልእክት ወይም በባንክ የተላከ ገንዘብ መረጃ ይገኛል። እሷ በሳምንት የምትገዛው 28,000 ብር ያህል ሆኖ ተገኘ እንበል። 28,000 ገዝታ 39,000 ከሸጠች፣ ከእያንዳንዱ መቶ ብር ሽያጭ 28 ብር አተረፈች ማለት ነው። ዘይትና ስኳር የሚሸጥ ሱቅ ይህን አያተርፍም። ዋና ዋናዎቹን ዕቃዎች አንድ በአንድ ጠይቅ፤ ይህ ዘይት በስንት ተገዛ፣ በስንት ይሸጣል? በዘይትና በስኳር ላይ ትርፉ ስስ ነው፤ በሳሙናና በብስኩት ይሻላል። በብዛት የሚሸጠውን እያመዛዘንክ ስትሠራው ከመቶ ብር ሽያጭ 12 ብር ትርፍ ወጣ እንበል። በዚህ ከሄድን 28,000 ብር ግዢ የሚያመጣው ሽያጭ 32,000 ብር ገደማ ብቻ ነው። ሁለቱ ቁጥሮች ሲጣሉ ሁልጊዜ ዝቅተኛውን ያዝ። ከሰዓት በፊት ሱቁ ስትደርስም ከጠዋት ጀምሮ የገባውን ገንዘብ ቆጥራ እንድታሳይህ በትሕትና ጠይቃት፤ የያዝከው ቁጥር ከእውነቱ መራቅ አለመራቁን ያሳይሃል።

በወር በአራት ሳምንት ስናስበው ትርፉ 15,000 ብር ያህል ነው። ከዚህ ላይ የሱቅ ኪራይ፣ መብራት፣ ማጓጓዣና የግብር ድርሻ 5,000 ይወጣል፤ 10,000 ይቀራል። እዚህ ላይ ብዙ ባለሙያ ያቆማል። አንተ ግን ወደ ቤቷ ግባ፤ የትንሽ ሱቅና የቤት ገንዘብ አንድ መሳቢያ ውስጥ ነው ያለው። ባለቤቷ በወር 6,000 ያስገባል። ለቤት ደግሞ ከሱቁ የሚነሳውን ዘይትና ስኳር ጨምሮ፣ ከልጆች ትምህርት ቤት ጋር 9,000 ይወጣል። ስለዚህ በወር 7,000 ብር ይተርፋል።

ከዚያ ዕቁቡን ጠይቅ። ይህን ጥያቄ አደራ እንዳትዘልለው። ዕቁብ ትጥላለች ማለት ቆጣቢ ናት ማለት ነው፤ ዳኛውን ብትጠይቀው ቀኗን ሳታዛንፍ መጣሏን ይመሰክርልሃል፤ ይህም ከብዙ የጽሑፍ ማስረጃ ይበልጥ ያሳምነኛል። ግን ዕጣው ወጥቶላታል ወይስ አልወጣላትም? ካልወጣላት ያጠራቀመችው ገንዘብ አላት። ወጥቶላት ከሆነ ግን ከዚያ በኋላ የምትጥለው ሁሉ ዕዳ ነው፤ በየትኛውም የብድር መረጃ ቋት ላይ የማታገኘው ዕዳ። በምሳሌያችን ዕጣው ወጥቶላት፣ ገና 14 ሳምንት በየሳምንቱ 500 ብር መጣል ይቀርባታል። ስለዚህ 7,000 ብር ዕዳ አለባት፤ በወር 2,000 ብር ደግሞ ከትርፏ ላይ ይወጣል። የቀረው 5,000 ነው።

ከዚህ 5,000 ላይ ሁሉንም ለብድር ክፍያ አታውለው። ልጅ ይታመማል፤ በክረምት ገበያ ይቀዘቅዛል፤ በመስከረም ደብተርና የደንብ ልብስ ይገዛል። እኔ የምይዘው ከመቶ 70 እጁን ነው፤ 3,500 ብር። የጠየቀችው 150,000 ብር በዓመት 18 በመቶ ወለድ በሚቀንስ ቀሪ ዕዳ ላይ ቢሰላና በ12 ወር ቢከፈል የወር ክፍያው 13,750 ብር ገደማ ይሆናል። ከምትችለው አራት እጥፍ ማለት ይቻላል። በዚያው ስሌት 3,500 ብር የሚከፍለው ብድር 38,000 ብር ነው።

ይህን ስትነግራት ታዝናለች። ስለዚህ ከመንገርህ በፊት ሌላውን ጥያቄ መልስ፦ ገንዘቡ ሱቁ ውስጥ ምን ይሠራል? መደርደሪያውን ቁጠር፤ በመሸጫ ዋጋ ሳይሆን በተገዛበት። 60,000 ብር የሚያወጣ ዕቃ አለ እንበል። እጅህን አሳልፍበት፤ አቧራ የለበሰውን፣ የአገልግሎት ጊዜው ሊያልፍ የተቃረበውን ለየው። 15,000 ብር የሚሆነው እንዲህ ያለ ከሆነ የሚንቀሳቀሰው 45,000 ነው። የዱቤ ደብተሩ ላይ 18,000 ብር አለ፤ ግማሹ ሁለት ወር አልፎታል፤ ያንን አትቁጠረው። በእጅና በባንክ 8,000 ብር አላት። ለጅምላ ሻጩ 12,000 ብር፣ ለዕቁቡ 7,000 ብር አለባት። ሲደመርና ሲቀነስ የራሷ ገንዘብ 43,000 ብር ነው። ሱቅ ውስጥ ያበደርነው ገንዘብ ከባለሱቋ ገንዘብ ባይበልጥ እመርጣለሁ፤ ከበለጠ ኪሳራ ሲመጣ አብዛኛውን የምንሸከመው እኛ ነን።

አሁን የዕቃውን ዙረት ተመልከት። በሳምንት 28,000 ብር የምትገዛ ሴት የሚንቀሳቀሰው 45,000 ብር ዕቃዋ በ11 ቀን ያልቃል። በዚህ ላይ 150,000 ብር ዕቃ ብትጨምርበት የሰባት ሳምንት ክምችት ይሆናል። የሰፈሩ ሕዝብ በዚያ ምክንያት ሁለት እጥፍ ዘይት አይበላም። ስለዚህ ትርፉ ገንዘብ ወይ መደርደሪያ ላይ ይተኛል፣ ወይ ወደ ዱቤ ደብተሩ ይገባል፣ ወይ ቤት መሥሪያ ይሆናል። የሥራ ማስኬጃ ብድር በብዛት የሚበላሸው እንዲህ ነው፤ ሱቁ እየሠራ፣ ባለሱቋም ቅን ሰው ሆና ሳለ።

38,000 ብር ግን ሥራ አለው። በእጇ በቂ ገንዘብ ስለሌለ በሳምንት ሦስት ጊዜ በትንሽ በትንሹ ከአነስተኛ አከፋፋይ፣ በተጨመረ ዋጋ ትገዛለች። ከግዢዋ ግማሹን፣ 14,000 ብሩን በካርቶንና በኩንታል ከዋናው ጅምላ ሻጭ ብትገዛና ከመቶ 3 ብር ቢቀንስላት፣ በሳምንት 420፣ በወር 1,680 ብር ይተርፋታል። የመጀመሪያው ወር ወለድ 570 ብር ነው። ገንዘቡ ወለዱን ችሎ ያተርፋል ማለት ነው። ይህን አዲስ ትርፍ ግን በመክፈል አቅሟ ውስጥ አትደምረው፤ ገና አልመጣም።

ስለ ጠባይ ጥቂት ልበል። የሰው ጠባይ በቢሮ ወንበር ላይ አይታይም። ዱቤ የሚሰጣትን ጅምላ ሻጭ፣ የሱቁን አከራይ፣ ጎረቤት ባለሱቆችን ለየብቻ ጠይቅ፤ ሦስቱ አንድ ዓይነት ነገር ከነገሩህ እመነው። ከአራጣ አበዳሪ ወስዳ እንደሆነ የሚያውቀው ጎረቤት ነው። ቀድሞ የወሰደችውን ብድር ከብሔራዊ ባንክ የብድር መረጃ ማዕከል ታገኛለህ። አንድ ጊዜ ዘግይታ ከሆነ ምክንያቱን ጠይቅ። ታማ ተኝታ ሳለ የዘገየችና ስልኳን ዘግታ የጠፋች አንድ አይደሉም።

ሁለት ወረቀቶችንም ሳታይ አትውጣ። አንደኛው የኪራይ ውሉ ነው፤ ለ12 ወር የምታበድራት ባለሱቅ ከሦስት ወር በኋላ ከቦታው ብትነሳ ደንበኞቿ አብረዋት አይነሱም። ሁለተኛው የንግድ ፈቃዱ ነው። በወንድሟ ስም ከሆነ ተበዳሪው ማን እንደሆነ ከመፈራረም በፊት ይለይ።

ከዚህ ሁሉ በኋላ ውሳኔህን ለኮሚቴው ስታቀርብ ቁጥሩን ከነምንጩ ጻፍ፤ «ባለሱቋ እንደነገረችኝ» እና «እኔ እንዳየሁት» የሚሉት ይለዩ። ለእሷም ለምን 38,000 እንደሆነ በራሷ ቁጥር ቁጭ ብለህ አስረዳት፤ ዕቁቡ ሲያልቅ በወር 2,000 ብር እንደሚለቀቅላትና በሚቀጥለው ዙር የተሻለ ብድር ልትጠይቅ እንደምትችል ንገራት። ገንዘቡ ከተለቀቀ በኋላ በሁለተኛው ሳምንት ሱቋ ሂድ፤ ካርቶኖቹ መደርደሪያው ላይ መኖራቸውን በዓይንህ እይ። ከሌሉ የመጀመሪያው የወር ክፍያ ሳይደርስ ለአለቃህ አሳውቅ።

አባትህ